ጂቲኤ መንገድ ላይ ቀጥ ሲል፦ ጥፋቱ የሃርድ ዲስኩ መሆኑን ያወቅኩበት መንገድ

ጅማ ውስጥ ጌም የሚጫወት ሰው ማሽን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ይገዛል፣ ግራፊክስ ካርድ ይጨመርበታል፣ ሃርድ ዲስኩ ግን እንደመጣ ይቀራል። የእኔም እንደዚያው ነው። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም፣ በኋላ የተገጠመለት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ባለ 4 ጊጋ። ዊንዶውሱም ጌሙም አንድ ባለ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበሩ።

ጂቲኤ 5 በዚህ ማሽን ላይ በደንብ ይሠራል። ሴቲንጉን መካከለኛ ላይ ካደረግኩት በሰከንድ 60 ምስል፣ ማለትም 60 ኤፍፒኤስ አካባቢ ይይዛል። በእግር ስሄድ፣ ቤት ውስጥ ስሆን፣ ተኩስ ላይ ስሆን ምንም አይልም። ነገሩ የሚበላሸው ፈጣን መኪና ውስጥ ገብቼ ከመሃል ከተማ ወደ አውራ ጎዳናው ስወጣ ነው። አስፋልቱ ይደበዝዛል። የመንገዱ መስመሮች ይጠፋሉ። የሕንፃዎቹ ግድግዳ መጀመሪያ እንደ ጭቃ ሆኖ ይመጣል፣ ካለፍኩት በኋላ ነው የሚጠራው። ከዚያ ስክሪኑ በሙሉ ለግማሽ ሰከንድ ቀጥ ይላል። ሲመለስ መኪናው አጥር ላይ ነው።

ይኼን ያየ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ካርዱን ቀይር። መርካቶ ያለ አንድ ጠጋኝም ያለኝ ይኼንኑ ነው። ካርድ ደግሞ ሃርድ ዲስክን ከሚተካው ፈጣን ዲስክ፣ ከኤስኤስዲ፣ ብዙ እጥፍ ይወደዳል። ገንዘቤን ቆጥሬ ልሄድ ስል ያቆመኝ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ የሚማረው የአክስቴ ልጅ ነው።

«ካርዱ ቢሆን ኖሮ ቆመህም ይደክም ነበር» አለኝ። «አንተ ስትሮጥ ብቻ ነው የሚያስቸግርህ። እስቲ ያንኑ መንገድ ሁለቴ ንዳው።»

ይህች ሁለቴ የመንዳት ነገር ናት ብዙ ብር ያዳነችልኝ። እናንተም ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሞክሯት። ምንም መሣሪያ አትፈልግም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉት። መዝጋትና መክፈት ሳይሆን Restart የሚለውን ተጠቀሙ። ጌሙን ክፈቱና ሁልጊዜ የሚያስቸግራችሁን ቦታ ያካተተ አጭር ዙር ምረጡ፤ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ የሚፈጅ፣ ተነስታችሁ ወደ ተነሳችሁበት የሚመልስ። አንዴ ንዱት። የት የት ቀጥ እንዳለ ልብ በሉ። ከጌሙ ሳትወጡ ወዲያው ያንኑ ዙር በዚያው ፍጥነት ድገሙት።

ሁለተኛው ዙር ልስልስ ብሎ ከሄደ ግራፊክስ ካርዱም ፕሮሰሰሩም ይህን መንገድ መሳል እንደሚችሉ አረጋገጣችሁ ማለት ነው። ያው መንገድ፣ ያው ሕንፃ፣ ያው ፍጥነት ነውና። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፦ ዊንዶውስ በመጀመሪያው ዙር ከዲስክ ያነበበውን ፋይል ባዶ በሆነው የራም ክፍል ውስጥ አስቀምጦታል። በሁለተኛው ዙር ጌሙ ፋይሉን ሲጠይቅ ዲስኩ አልተነካም፤ ከራም መጣለት። ዙሩ አጭር ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው። 8 ጊጋ ራም ባለው ማሽን ላይ ጌሙና ዊንዶውሱ የድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ለዚህ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ግማሽ ካርታ ከዞራችሁ የመጀመሪያው ንባብ ከራም ተገፍቶ ይወጣና ፈተናው ምንም አይነግራችሁም።

ሁለተኛውም ዙር በዚያው ቦታ በዚያው መጠን ቀጥ ካለ ግን ኤስኤስዲ አይፈታላችሁም። ችግሩ ፕሮሰሰሩ ወይም ካርዱ ላይ ነው፣ ወይም ራም አንሷችኋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በአዳዲስ ጌሞች ላይ ሼደር የሚባለው፣ ካርዱ ምስሉን የሚስልበት ትንሽ ፕሮግራም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጋጅም ስክሪኑ ቀጥ ይላል፣ ሁለተኛ ጊዜ ግን አይልም። ከዲስክ ችግር ጋር ቁርጥ አንድ ይመስላል። መለያው ሪስታርት ነው። አንዴ የተዘጋጀ ሼደር ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ቢነሳም ያ ቦታ እንደገና አያስቸግርም። የዲስክ ችግር ግን ሪስታርት ባደረጋችሁ ቁጥር ራም ስለሚጸዳ እንደ አዲስ ይመለሳል። ስለዚህ ሁለት ዙር፣ ሪስታርት፣ አንድ ዙር። ሦስተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው ቀጥ ካለ ዲስኩን ያዛችሁት።

የእኔ ሁለተኛ ዙር ልስልስ ብሎ ሄደ። ሪስታርት አድርጌ ስነዳው ደግሞ እዚያው ድልድይ ላይ ቀጥ አለ።

ያም ሆኖ በዓይኔ ማየት ፈለግኩ። Task Manager ከፍታችሁ Performance ውስጥ Disk የሚለውን ጠቅ ብታደርጉ ሁለት የሚጠቅሙ ቁጥሮች አሉ። Active time ዲስኩ ምን ያህል ሥራ እንደበዛበት ነው። Average response time ደግሞ አንድ ጥያቄ ተጠይቆ እስኪመልስ ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀ ነው። ጌሙን በመስኮት አድርጌ ከጎኑ ይኼን ከፍቼ ስነዳ፣ ቀጥ በሚልበት ቅጽበት Active time 100 ላይ ተለጥፎ ነበር፣ የምላሽ ጊዜው ደግሞ ከመቶ ሚሊሰከንድ በላይ። የሚገርመው ግን ሌላው ነው። ከሥሩ ያለው Read speed በሰከንድ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነበር። ይህ ዲስክ ፊልም ስገለብጥበት በሰከንድ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ይሰጣል። እየሠራ ነው፣ ተጨናንቋል፣ የሚያመጣው ግን ኢምንት ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና የሚንቀሳቀስ ክንድ አለ። የእኔው በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል። ያ በሰከንድ 120 ዙር ነው፣ ለአንድ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ። የተፈለገው ፋይል ክንዱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፣ 4 ሚሊሰከንድ ገደማ። ከዚያ በፊት ክንዱ ራሱ ወደ ትክክለኛው መስመር መሄድ አለበት፤ እሱ ደግሞ 9 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይወስዳል። ሲደመር ለአንድ ፋይል 13 ሚሊሰከንድ። በሰከንድ የተበታተኑ 75 ነገሮችን ብቻ ማምጣት ይችላል ማለት ነው። ነገሮቹ ትንሽ ቢሆኑም ለውጥ የለውም፤ ጊዜው የሚያልቀው ማንበቡ ላይ ሳይሆን መሄዱ ላይ ነው። ከመርካቶ ሃያ ዕቃ ለመግዛት ለእያንዳንዱ ዕቃ ከቤት እየተነሱ እንደ መመላለስ ነው። ፊልም ሲገለበጥ ፈጣን የሚሆነው ፋይሉ በአንድ መስመር ተከታትሎ ስለተቀመጠ ነው።

አሁን ይኼን ከጌሙ ጋር እናገናኘው። 60 ኤፍፒኤስ ማለት ለአንድ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ አለ ማለት ነው። ሃርድ ዲስክ አንድ ፋይል ፈልጎ እስኪያመጣ የአንድ ምስል ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ይቀረዋል። ክፍት ዓለም ጌም ደግሞ ካርታውን በሙሉ ራም ውስጥ አያስገባም፤ አይበቃውም። ወደፊት በሄዳችሁ ቁጥር የፊቱን እያመጣ የኋላውን ይጥላል። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የምትነዱ ከሆነ በሰከንድ 42 ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ። ለምሳሌ የሚቀጥለው ሰፈር 300 ትንንሽ ነገሮች ይፈልጋል እንበል፤ የግድግዳ ምስል፣ የመብራት ምሰሶ፣ የመኪና ድምፅ፣ የዛፍ ቅርጽ። በሰከንድ 75 እያመጣ ለመጨረስ 4 ሰከንድ ይፈልጋል። በ4 ሰከንድ ውስጥ እናንተ ከ160 ሜትር በላይ ሄዳችኋል። ሰፈሩን አልፋችሁታል። ኤስኤስዲ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ አንድ ነገር ለማምጣት 0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይበቃዋል። ያንኑ 300 ነገር አንድ በአንድ ቢጠየቅ እንኳ በ0.03 ሰከንድ ይጨርሳል።

ቁጥሩ 300 ነው ያልኩት ለስሌቱ እንዲመች ነው። በራሳችሁ ዲስክ ላይ ያለውን ልዩነት ለማየት ግን ዊንዶውስ ውስጥ ያለ መለኪያ አለ። Command Prompt በአድሚን ክፈቱና ይኼን ጻፉ፤ ጌሙ ያለው ዲ ድራይቭ ላይ ካልሆነ መጨረሻ ላይ ያለውን d በእሱ ፊደል ቀይሩት።

```
winsat disk -seq -read -drive d
winsat disk -ran -read -drive d
```

የመጀመሪያው ተከታታይ ንባብን ይለካል፣ ሁለተኛው የተበታተነውን። የእኔ ሃርድ ዲስክ በመጀመሪያው ከመቶ በላይ ሰጥቶ በሁለተኛው በሰከንድ ከአንድ ሜጋባይት ብዙም አላለፈም። ሻጭ ሁሉ የሚነግራችሁ የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። መንገድ ላይ የሚያስቆማችሁ ግን ሁለተኛው ነው።

የጌም ሠሪዎቹም ይኼን ያውቁታል። የፕሌይስቴሽን 5 መሐንዲስ ማርክ ሰርኒ በ2020 ኮንሶሉን ሲያስተዋውቅ የተናገረው አለ። በፕሌይስቴሽን 4 ስፓይደርማን ላይ እንደ ፖስታ ሳጥን ያሉ ነገሮች ዲስኩ ላይ 400 ጊዜ ተደጋግመው ተቀምጠዋል። የሃርድ ዲስኩ ክንድ ሩቅ እንዳይሄድ ብለው ያንኑ ሳጥን በየሰፈሩ ፋይል ውስጥ ደጋግመው ከተቱት። አንዳንድ ጌም ያን ያህል ጊጋ የሚበላበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

ደብዛዛው ግድግዳና ቀጥ ማለቱም ከአንድ ምንጭ ይምጡ እንጂ አንድ አይደሉም። ግድግዳው ሲደበዝዝ ጌሙ አልጠበቀም፤ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ትልቁ ምስል፣ ቴክስቸሩ፣ እስኪመጣ ትንሹን ለጥፎ ቀጠለ። ስክሪኑ ቀጥ ሲል ግን ያለዚያ ነገር መቀጠል የማይችለው ፋይል ገጥሞት ቆሞ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ድብዘዛ ብቻ ካያችሁ ዲስኩ ትንሽ ዘግይቷል። ሁለቱንም ካያችሁ በጣም ወደኋላ ቀርቷል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛው ራም ነው። ስታርት ላይ resmon ብላችሁ ክፈቱና Disk ውስጥ ግቡ። ጌሙ ቀጥ ሲል የትኛው ፋይል ላይ ብዙ ሥራ እንዳለ ይታያል። የጌሙ ፋይሎች ከሆኑ ደህና። pagefile.sys ከላይ ከተቀመጠ ግን ራም ሞልቶ ዊንዶውስ ዲስኩን እንደ ራም እየተጠቀመ ነው። ያኔ የሚጠቅማችሁ ራም መጨመር ነው። ኤስኤስዲ ሕመሙን ያስታግሳል፣ አያድንም። ክሮም በሃያ ታብ ከፍቶ ጂቲኤ የሚጫወት ሰው መጀመሪያ ክሮምን ይዝጋ።

ሁለተኛው የዲስኩ ጤና ነው። ጅማ መብራት በድንገት ሲጠፋና ሲመጣ ዲስኮች ይጎዳሉ። CrystalDiskInfo የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈቱና Current Pending Sector እና Reallocated Sectors Count የሚሉትን መስመሮች እዩ። Raw Values በሚለው ዓምድ ከዜሮ የበለጠ ቁጥር ካለባቸው፣ በተለይ እያደገ ከሄደ፣ ዲስኩ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ እየታገለ ነው። የዚህ ምልክት ከተራው የተለየ ነው፤ ግማሽ ሰከንድ ሳይሆን ብዙ ሰከንድ ይቆማል፣ አንዳንዴም የጠቅ ጠቅ ድምፅ ይሰማል። ያ ከሆነ ጌሙን እርሱትና ፎቶና ሰነዳችሁን ዛሬውኑ ገልብጡ። UltraDMA CRC Error Count እያደገ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። የሳታ ኬብሉን ቀይራችሁ ቁጥሩ መጨመሩን ያቆም እንደሆነ እዩ።

የእኔ ዲስክ ጤነኛ ነበር። ራሙም ጠባብ ነው እንጂ አልሞላም። ስለዚህ 480 ጊጋ የሳታ ኤስኤስዲ ገዛሁ።

ለምን ሳታ? የእኔ ማዘርቦርድ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት የሚሰካበት የኤም.2 ሶኬት የለውም፤ በዚያ ዘመን የወጡ የቢሮ ማሽኖች አብዛኛዎቹ የላቸውም። ቢኖረውም ብዙም አይቆጨኝም ነበር። ወረቀቱ ላይ ሳታ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ይሰጣል፣ ኤንቪኤምኢ ደግሞ 3500 እና ከዚያ በላይ። ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል። ጌም ሲከፈት ግን ዲስኩ የታመቀ ፋይል ሰጥቶ ይጨርሳል፣ ፈትቶ ማዘጋጀቱ የፕሮሰሰሩ ሥራ ነው። በእኔ ዓይነት አሮጌ ፕሮሰሰር ላይ ወረፋው እዚያ ነው። ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ያለው ዝላይ ሌላ ዓለም ነው፤ ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ያለው በአብዛኞቹ ጌሞች ላይ የጥቂት ሰከንድ ጉዳይ ነው። ማዘርቦርዳችሁ አርጅቶ ሳታ 2 ብቻ ቢኖረውና ፍጥነቱ ወደ 300 ሜጋባይት ቢወርድ እንኳ አትጨነቁ። ፈልጎ የማምጣቱ ፍጥነት ያው ነው፣ መንገድ ላይ የሚያስፈልጋችሁም እሱ ነው።

ሱቅ ውስጥ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። ስሙ የማይታወቅ፣ 2 ቴራ ተብሎ በማይታመን ዋጋ የሚሸጥ ነገር ካያችሁ አትንኩት። ውስጡ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ተደብቆ ቁጥሩ ብቻ የተጭበረበረ ሊሆን ይችላል። H2testw የሚባለው ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጫፉ ጽፎ መልሶ ያነበዋል፤ የተጭበረበረውን ያጋልጣል። ጊዜ ስለሚወስድ ከሻጩ ጋር «ቤት ፈትሼ ካልሆነ እመልሳለሁ» ብላችሁ ተስማሙ። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ CrystalDiskInfo ላይ Health Status እና Power On Hours እዩ።

መግጠሙ ቀላል ነው። አንድ የሳታ ዳታ ኬብል፣ አንድ የሳታ ፓወር። የቢሮ ማሽኖች ላይ ትርፍ ፓወር ላይኖር ስለሚችል ኬዙን ከፍታችሁ ሳታዩ ከቤት አትውጡ፤ ከሌለ ማከፋፈያ ኬብል አብራችሁ ግዙ። ማሰሪያ ቦታ ከሌለውም ችግር የለም፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው የትም ጥግ ይቀመጣል። ማሽኑን ስታበሩ አዲሱ ዲስክ This PC ውስጥ ካልታየ አልተበላሸም። diskmgmt.msc ከፍታችሁ Initialize Disk፣ ከዚያ New Simple Volume በሉት። Initialize የሚለው ሲመጣ የመረጣችሁት አዲሱ ዲስክ መሆኑን ከነጊጋው አረጋግጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ለእኛ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ኢንተርኔት። ጂቲኤ 5 ከ70 ጊጋ በላይ ነው። እንደገና ማውረድ ማለት ብርም ሌሊትም ነው። አያስፈልግም። ስቲም ላይ Settings ውስጥ Storage ገብታችሁ አዲሱን ድራይቭ ጨምሩ። ከዚያ ጌሙ ላይ በቀኝ ጠቅ፣ Properties፣ Installed Files፣ Move install folder። ራሱ ገልብጦ ያስተካክላል። በዚህ መሃል መብራት እንዳይጠፋባችሁ ጸልዩ፣ ዩፒኤስ ካላችሁ ተጠቀሙ። ጠፍቶ ፋይል ከተበላሸም እዚያው ገጽ ላይ Verify integrity of game files አለ፤ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል።

ለውጡን ልንገራችሁ። በሃርድ ዲስኩ ላይ ጂቲኤን ነክቼ ታሪኩ ውስጥ እስክገባ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረው ነበር። አሁን ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። የበለጠ ያስደሰተኝ ግን መንገዱ ነው። ያ ድልድይ ላይ ሪስታርት አድርጌ በሙሉ ፍጥነት ወጣሁበት፤ አስፋልቱ ጥርት ብሎ፣ ነጩ መስመር ከፊቴ እንደተሰመረ አለፍኩ። Active time ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ 100 ላይ አይለጠፍም። የምላሽ ጊዜው በአብዛኛው ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ነው።

ኤፍፒኤሱ ግን አልጨመረም። 60 የነበረው 60 ነው። ይኼን በግልጽ የምለው ኤስኤስዲ ጌም ያፈጥናል ብሎ የሚሸጥ ሰው ስላለ ነው። ኤስኤስዲ መቆራረጡን ያነሳል፤ ካርዱ በሰከንድ የሚስለውን ምስል አይጨምርም። መሃል ከተማ ሕዝቡና መኪናው ሲበዛም አሁንም ትንሽ ይወርዳል። ሁለት ዙር ነድቼ አየሁት፣ በሁለቱም ያው ነው። እሱ የፕሮሰሰሩ ነው።

ሎዲንግም ቢሆን ሁሉም የዲስክ አይደለም። ጂቲኤ ኦንላይን ለዓመታት ደቂቃዎች ያስጠብቅ ነበር፣ ኤስኤስዲ ያላቸውም ጭምር። በ2021 አንድ ፕሮግራመር መርምሮ አገኘው። ጌሙ 10 ሜጋባይት የሚያህል የዕቃ ዝርዝር ፋይል በጣም በሚያዘግም አሠራር በአንድ የፕሮሰሰር ኮር እየፈታ ነበር። እሱን ሲያስተካክለው የሎዲንጉ ጊዜ በ70 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የጌሙ ኩባንያም ማስተካከያውን ተቀብሎ በዚያው ዓመት አወጣው። ስለዚህ ሎዲንግ ሲረዝምባችሁ Task Manager ላይ ዲስኩን እዩ። ዲስኩ ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ የምትጠብቁት ሌላ ነገር ነው።

ግድግዳውም አስፋልቱም እየደበዘዘባችሁ ካርዱ ባለ 2 ጊጋ ከሆነ ደግሞ የካርዱን የራሱን ሚሞሪ፣ ቪራሙን፣ ጠርጥሩ። ጂቲኤ Graphics ገጹ ላይ ከላይ የቪራም መስመር ያሳያል። መስመሩ ካለፈ Texture Quality አንድ ደረጃ አውርዱ። ያን ኤስኤስዲ አያስተካክለውም።

አሁን መግዛት ለማይችል ሰው የማውቀውን ልጨምር። ጂቲኤ ላይ High Detail Streaming While Flying የሚለውን አጥፉ፣ Extended Distance Scaling ዜሮ አድርጉ፣ Population Variety ቀንሱ። ሦስቱም ከዲስክ የሚመጣውን ነገር ይቀንሳሉ። ሳይበርፐንክ 2077 ላይ ደግሞ HDD Mode የሚል ምርጫ አለ፣ አብሩት። እየተጫወታችሁ ስቲም ሌላ ጌም እንዳያወርድ Allow downloads during gameplay መጥፋቱን አረጋግጡ። ዊንዶውስ አፕዴት እየወረደ ከሆነም ይጨርስ። ክንዱ አንድ ነው፤ ሁለት ቦታ ከላካችሁት ሁለቱንም ያዘገያል። ሃርድ ዲስኩ በብዙ አፕዴት ከተበታተነ በወር አንዴ dfrgui ከፍታችሁ Optimize በሉት። ኤስኤስዲ ላይ ግን የሌላ ሰው ዲፍራግ ፕሮግራም አታሂዱ፤ ዊንዶውስ ራሱ የሚያደርግለት ይበቃዋል። ጌሙን በዩኤስቢ 2 በተሰካ ውጫዊ ዲስክ ላይ የምትጫወቱ ካላችሁ፣ ምንም ሳትገዙ ወደ ውስጥ ዲስክ ብታዛውሩት ብቻ ለውጥ ታያላችሁ።

ይህ ሁሉ ለቆዩት ጌሞች ነው። ከአዲሶቹ ጋር መደራደር አይቻልም። ስታርፊልድ በ2023 ሲወጣ ኤስኤስዲ ግዴታ አድርጎ ነው። ሳይበርፐንክም በዚያው ዓመት በ2.0 አፕዴቱ ዝቅተኛውን መስፈርት ወደ ኤስኤስዲ ከፍ አድርጎታል።

240 ጊጋ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ዊንዶውሱንና አሁን የያዛችሁትን አንድ ክፍት ዓለም ጌም እዚያ አድርጉ። ፊፋ፣ ካውንተር ስትራይክና የመሳሰሉት ሜዳቸውን አንዴ ጭነው ስለሚጨርሱ ሃርድ ዲስኩ ላይ ቢቀመጡ የምትጎዱት ሎዲንጉ ላይ ብቻ ነው። ጂቲኤን ጨርሳችሁ ዊቸር 3 ስትጀምሩ በዚያው Move install folder ታቀያይሯቸዋላችሁ። ኤስኤስዲውን ግን እስከ ጫፉ አትሙሉት፤ አሥራ አምስት በመቶ ያህሉን ባዶ ተዉለት። ሃርድ ዲስኩንም አትሽጡት። የእኔው አሁንም በዚያው ኬዝ ውስጥ ተቀምጦ ፊልሙንና ተራ የሚጠብቁትን ጌሞች ይዟል።